አራተኛዋ ፍሬ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለፋርማሲ ተማሪዎች የዋርድ ልምምድ አስተምራለሁ። ተማሪ ሁሉ የሚሸመድደው፣ ግን ብዙም የማይገባው አንድ ርዕስ አለ። ዜሮ ኦርደርና ፈርስት ኦርደር። ትርጉሙን ስትጠይቃቸው በቃላቸው ያነበንቡልሃል። ፈርስት ኦርደር ማለት የሚወገደው መድኃኒት ደም ውስጥ ካለው መጠን ጋር ተመጣጣኝ ሲሆን ነው። ዜሮ ኦርደር ማለት ደግሞ በሰዓት የሚወገደው መጠን ቋሚ ሲሆን። ልክ ናቸው። "ታዲያ ለዚህ በሽተኛ አንድ ፍሬ ፌኒቶይን እንጨምርለት?" ስትላቸው ግን ዝም። ፌኒቶይን የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው።

ጥፋቱ የእነሱ አይመስለኝም። ሁለቱ ነገሮች የሚቀርቡላቸው እንደ ሁለት ዓይነት መድኃኒት ነው። አንድ ዝርዝር እዚህ፣ አንድ ዝርዝር እዚያ። እኔ ዝርዝሩን ትቼ በአረቄ መጀመር ያዝኩ።

ጎጃም ውስጥ አረቄ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ስሌቱ እንገባለን። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 100 ሚሊ ሊትር አረቄ ጠጣ እንበል። የቤት አረቄ ጥንካሬው ከአንዷ አውጪ ወደ ሌላዋ ይለያያል፤ ለስሌታችን 40 በመቶ እንያዘው። ይህ ወደ 32 ግራም ንጹህ አልኮል ነው። ደሙ ውስጥ በዴሲሊትር ወደ 78 ሚሊግራም ይደርሳል። ጉበት በሰዓት የሚያነሳው በአማካይ 15 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። ስለዚህ ከአምስት ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ይጠራል። 200 ሚሊ ሊትር ቢጠጣስ? ከአሥር ሰዓት በላይ።

እዚህ ላይ ፓራሲታሞልን አመጣለሁ። በተለመደው መጠኑ ግማሽ ዕድሜው፣ ማለትም ደም ውስጥ ያለው በግማሽ የሚወርድበት ጊዜ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። መጠኑን እጥፍ ብታደርገው ሰውነት ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ እጥፍ አይሆንም። አንድ ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ይጨምራል። ብዙ ሲኖር ብዙ ይወገዳልና። አልኮል ላይ ግን መጠኑ እጥፍ ሲሆን ጊዜውም እጥፍ ይሆናል። ተማሪው ልዩነቱን የሚይዘው እዚህ ጋ ነው።

ከዚያ ስለ አንድ ሹፌር እጠይቃቸዋለሁ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ መጠጣት ያቆመ፣ ደሙ ውስጥ 150 ያለው ሹፌር ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ የአዲስ አበባን መኪና ይዞ ቢወጣ ስንት ይዞ ይወጣል? 75። ደጀንን አልፎ የዓባይን በረሃ ቁልቁል ሲጀምር ገና 50 አካባቢ ነው። ቡና ቢጠጣም፣ ራሱ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቢያፈስም በሰዓት የምትወርደው ያቺው 15 ናት።

ምክንያቱ ኢንዛይሙ ነው። አልኮልን የሚሰብረውን የጉበት ኢንዛይም፣ አልኮል ዲሃይድሮጂኔዝን፣ እንደ ወፍጮ ቤት አስቡት። ጠዋት ሰው ሳይበዛ፣ የመጣው እህል ሁሉ ወዲያው ይፈጫል። ብዙ ከመጣ ብዙ ይፈጫል። የገበያ ቀን ግን ወፍጮው በሙሉ አቅሙ ላይ ነው። ከደጅ የቆመው ሰልፍ ቢረዝምም ቢያጥርም፣ በሰዓት የሚወጣው ዱቄት ያው ነው። ዜሮ ኦርደር የገበያ ቀን ነው፤ ፈርስት ኦርደር ደግሞ ሰው ያልበዛበት ጠዋት። ወፍጮው አንድ ነው። ሁለት ዓይነት መድኃኒት የለም፤ ሁለት ዓይነት ሰልፍ እንጂ።

ሰልፉ የሚጀምርበትን የሚነግረን ኬኤም ነው። ኢንዛይሙ በግማሽ አቅሙ የሚሠራበት፣ ደም ውስጥ ያለ የመድኃኒት መጠን ማለት ነው። የአልኮል ኬኤም በጣም ዝቅተኛ ስለሆነ ከአንድ ሁለት መለኪያ በኋላ ወፍጮው ሞልቷል። የአብዛኞቹ መድኃኒቶች ደግሞ ተቃራኒው ነው። የሚሠሩበት መጠን ከኬኤማቸው እጅግ በታች ስለሆነ ሰልፉን ሳናየው ዕድሜያችንን እንጨርሳለን። ፌኒቶይን ችግሩ መሃል ላይ መቀመጡ ነው። ኬኤሙ በአማካይ 4 ሚሊግራም በሊትር ነው። የምንፈልገው የደም መጠን ደግሞ ከ10 እስከ 20። ስለዚህ ስንጀምር ፈርስት ኦርደር የሚመስለው መድኃኒት፣ ልክ መሥራት ሲጀምር ወደ ዜሮ ኦርደር እየተጠጋ ነው።

ይህን በቃል ከመናገር በቁጥር ማሳየት ይሻላል። ለ60 ኪሎ ሰው በቀን 200 ሚሊግራም ፌኒቶይን ሶዲየም ስንሰጥ የደም መጠኑ 3 አካባቢ ይሆናል እላቸዋለሁ። 300 ስንሰጥ ወደ 8። "400 ብንሰጥስ?" የሚመጣው መልስ ከ11 እስከ 13 ነው። ጥሩ ገማች 15 ይላል። ከዚያ ቀመሩን ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ።

```
Css = (Km × R) / (Vmax − R)
```

Css የሚረጋጋው የደም መጠን ነው። Km ያው ኬኤም ነው። R በቀን የሚገባው መድኃኒት ነው። Vmax ጉበት በቀን ሊያስወግድ የሚችለው ከፍተኛው መጠን ነው። አማካዩ በኪሎ 7 ሚሊግራም ስለሆነ ለዚህ ሰው 420 ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ እንዳይረሳ፦ በአንዷ የ100 ሚሊግራም ፌኒቶይን ሶዲየም ፍሬ ውስጥ ያለው ፌኒቶይን 92 ነው፤ ቀሪው ሶዲየም ነው። ስለዚህ አራት ፍሬ 368 ነው። 4 ሲባዛ በ368፣ ሲካፈል ለ52። መልሱ 28።

ክፍሉ ጸጥ ይላል። ሦስተኛዋ ፍሬ አምስት ያህል ጨመረች፤ አራተኛዋ ሃያ። አምስተኛዋ ከተጨመረች የሚገባው 460 ይሆንና ከ420 ይበልጣል። ቀመሩ መልስ አይሰጥም፤ የደም መጠኑ ዝም ብሎ መውጣት ነው።

እኔ ከዚህ ቁጥር በላይ የሚያሳስበኝ ጊዜው ነው። በሦስት ፍሬ የደም መጠኑ የሚረጋጋው በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። ከሦስት ወደ አራት ሲኬድ ግን ከወር በላይ ይፈጃል። ስሌቱን ቀን በቀን ስንሠራው እንዲህ ይወጣል። በሰባተኛው ቀን 16 አካባቢ ነው። በጣም ጥሩ! ሰውዬው ሚጥሉ ቆሟል፣ አመስግኖ ወደ አገሩ ይሄዳል። በሁለት ሳምንት 20ን ይረግጣል። በአምስተኛው ሳምንት 26 ገደማ ነው። ያኔ እየተንገዳገደ፣ ምላሱ እየተሳሰረ ነው። ጎረቤት "ይሄ ልጅ ደግሞ አረቄ ጀመረ?" ይላል። በሳምንቱ የቀጠርነው ሁሉ ደህና ሆኖ የሚታየን ለዚህ ነው።

አንድ ጊዜ ከሞጣ በኩል አንድ ወጣት ከእናቱ ጋር መጣ። ሦስት ፍሬ እየወሰደ በወር ሁለት ሦስቴ ይጥለዋል። ሐኪሙ አራት ሊያደርጉት ነው። በሠራሁባቸው ቦታዎች የፌኒቶይንን የደም መጠን የሚለካ ላብራቶሪ ስለሌለ የምንተማመነው በስሌትና በዓይናችን ነው። መጀመሪያ የተረፈውን ፍሬ ቆጠርን። ይህ ሳይደረግ መጠን አይጨመርም። ጠበል የገባ ሰው ብዙ ጊዜ መድኃኒቱን ያቋርጣል፤ ሳይወስድ የቀረውን ሰው "አልሠራለትም" ብለህ ስትጨምርለት ነው ጣጣው የሚመጣው። የእሱ ቆጠራ ልክ ወጣ።

"ዶክተር፣ አራት ዕለት በዕለት ከሚሆን መሃሉን ብንሞክረውስ?" አልኳቸው። በስሌቱ 350 ሚሊግራም 13 አካባቢ ያደርሳል። የ50 ሚሊግራም ፍሬ ግን አልነበረንም። አንድ ቀን ሦስት፣ አንድ ቀን አራት ማፈራረቅ የታወቀ መላ ነው። ለእናትየው ስነግራቸው ግን ፊታቸው ተቋጠረ።

"ልጄ፣ ትናንት ስንት እንደሰጠሁት ማን ያስታውሰኛል?"

"እማማ፣ እርስዎ የማይረሱት ቀን የትኛው ነው?"

"ጾሙ ነዋ። ረቡዕና አርብ።"

"እሁድንስ?"

"እሁድማ ቤተ ክርስቲያን ነኝ።"

አለቀ። ረቡዕ፣ አርብና እሁድ አራት፤ ሌላው ቀን ሦስት። በሳምንት 24 ፍሬ፣ በቀን በአማካይ 343 ሚሊግራም። ቀመሩ 12 ይላል፤ የሚረጋጋውም በአሥር ቀን ገደማ ነው። እኔ ግን የቀጠርኩት ለአራት ሳምንት ነው፤ አማካይ ቁጥር የአማካይ ሰው እንጂ የዚህ ልጅ አይደለምና። የአንዱ ኬኤም 2፣ የሌላው 8 ሊሆን ይችላል።

በቀጠሮው ቀን የማየው ሁለት ነገር ነው። ጭንቅላቱን ሳያንቀሳቅስ ጣቴን በዓይኑ ወደ ጎን እንዲከተል አደርገዋለሁ። ዓይኑ ጥግ ላይ ደርሶ የሚርገበገብ ከሆነ ብዙውን ጊዜ 20ን አልፏል። ከዚያ ተረከዙን ከጣቱ እያገናኘ በቀጥታ መስመር እንዲሄድ እነግረዋለሁ። መንገዳገድ 30 አካባቢ፣ መፍዘዝና መደናገር ከ40 በላይ ይመጣል ተብሎ ነው የምንማረው፤ ሰው እንደ ሰው ይለያያል። ልጁ ዓይኑ አልተርገበገበም፣ ቀጥ ብሎ ሄደ። በዚያ ወር አንዴም አልጣለውም።

ከዚህ ወዲህ ተማሪዎቼን ሁለት ነገር አስጠነቅቃለሁ። አንደኛው የፋብሪካ ለውጥ ነው። የለመደው አልቆ ሌላ ፋብሪካ የሠራው ሲመጣ፣ ወደ ደም የሚገባው 10 በመቶ ብቻ ቢበልጥ የዚህ ልጅ 12 ወደ 19 ይወጣል። ለሌላ መድኃኒት ከቁጥር የማይገባ ልዩነት ነው። ስለዚህ ካርዱ ላይ የፋብሪካውን ስም እንጽፋለን፤ ከተቀየረም ቀጠሮውን እናቀርባለን።

ሁለተኛው ዕድል ቀንቶት ደሙን ሌላ ከተማ ልኮ ያስመረመረ ሰው ነው። 90 በመቶ የሚሆነው ፌኒቶይን አልቡሚን የሚባለው የደም ፕሮቲን ላይ ተጣብቆ ነው የሚሄደው። የሚሠራው ያልተጣበቀው ነው። በምግብ እጥረት አልቡሚኑ ወደ 2 ግራም በዴሲሊትር የወረደ ሰው ውጤቱ 8 ቢባል፣ ሲስተካከል 16 ነው። "ዝቅ ብሏል" ብለህ አራተኛዋን ፍሬ የምትጨምርለት ያን ጊዜ ነው። ከመጨመርህ በፊት ጣትህን አሳየውና ዓይኑን እይ።