ከእኔ በፊት እዚህ አድራሻ ላይ ማን ነበር

ዛሬ ምንም የመስራት ሙድ አልነበረኝም፣ ዝናቡም አላባራ ብሎ ነው የዋለው፣ እና አክስቴ ከገልፍ በቮይስ "አንተ ልጅ፣ የሰርጉን ፎቶ ለእኔ ብቻ ነው እንዴ የዘጋኸው?" አለችኝ። እዚህ አዲስ አበባ ይከፈታል፣ ፍራንክፈርት ያለችው እህቴም ቶሮንቶ ያሉትም አይተው ጨርሰው ቀሚስ ማማት ጀምረዋል፣ እሷ ጋ ብቻ ሲዞር ሲዞር ይቆይና ታይምአውት።

ፎቶው ያለበትን ሰርቨር ባለፈው ወር ወደ ሌላ ክላውድ አዛውሬው ነበርና ለጓደኛዬ ሳወራው "ፕሮፓጌሽን ነው፣ 48 ሰዓት ጠብቅ" አለኝ። ይቺ 48 ሰዓት የምትባል ነገር ሁሌ ታናድደኛለች። አዲሱን አድራሻ ተሸክሞ አገር ላገር የሚዞር ነገር እኮ የለም፣ የሳይቱን ስም ይዞ አድራሻውን ጠይቆ የሚያመጣው እያንዳንዱ ሪዞልቨር ቀድሞ የሰማውን መልስ የተፈቀደለት ጊዜ፣ ማለትም ቲቲኤሉ፣ እስኪያልቅ ይዞ ይቀመጣል፣ ሲያልቅ ሄዶ እንደገና ይጠይቃል፣ በቃ። የእኔ 3600 ሰከንድ ነው፣ አንድ ሰዓት ማለት ነው። ከተባለው በላይ የሚይዙ ሪዞልቨሮች አሉ፣ እሺ፣ ግን ወር ሙሉ?

ደግነቱ የአክስቴ ልጅ ላፕቶፕ አለው፣ ትእዛዝም አይፈራም። እነዚህን ላኩለት (አድራሻዎቹን እዚህ ቀይሬያቸዋለሁ)

```
dig +short A example.com
nc -vz -w 5 203.0.113.10 443
nc -vz -w 5 203.0.113.14 443
```

የመጀመሪያው ትክክለኛውን አዲሱን አድራሻ አመጣለት፣ ስለዚህ ዲኤንኤስ ነፃ ወጣ። ሁለተኛው የእኔ ሰርቨር ነው፣ ዝም። እዚህ ጋ ዝምታው ራሱ ወሬ ነው፣ ምክንያቱም "refused" ቢለው ኖሮ ቢያንስ አንድ ማሽን መልሶለታል ማለት ነበር፣ ዝም ሲል ግን ፓኬቱን የሆነ ቦታ የሆነ ነገር እየዋጠው ነው። እኔም በዚያው ሰዓት ሰርቨሩ ላይ tcpdump ከፍቼ ከእሱ አይፒ የሚመጣ ነገር ስጠብቅ ግንኙነት የምትጀምረው ፓኬት፣ አንዲት SYN እንኳን አልደረሰችኝም፣ ስለዚህ የእኔ ፋየርዎልም አይደለም፣ እሱ ቢሆን ፓኬቷ መጥታ ሰርቨሩ ላይ ስትጣል አያት ነበር። የክላውዱ ፋየርዎል ላይ ደግሞ 443 ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው፣ አገር የሚለይ ሕግ የለኝም።

ሦስተኛዋን መስመር ግን እወዳታለሁ። .14 ጎረቤቴ ናት፣ የማን እንደሆነች አላውቅም፣ ብቻ 443 ላይ እንደምትመልስ ከዚህ አይቻለሁ። ልጁ ጋ ወዲያው "succeeded" አለች። ኢንተርኔት ላይ መንገድ የሚታወጀው በጅምላ ነው፣ ኦፕሬተሮች በአብዛኛው ከ/24 ያነሰ፣ ማለትም ከ256 አድራሻ ያነሰ ብሎክ አይቀበሉም፣ ስለዚህ መንገዱ ቢበላሽ ኖሮ እኔና ጎረቤቴ አብረን ነበር የምንጠፋው። እሷ ተከፍታ እኔ ከተዘጋሁ አንድ ሰው የእኔን አድራሻ ለይቶ ጽፎታል ማለት ነው። በቤቱ ዋይፋይም በሌላ ኩባንያ ሞባይል ዳታም ያው ሆነ፣ ቪፒኤን ሲያበራ ተከፈተ።

ግን የሰርግ ፎቶ ማን ይዘጋል? እዚህ ጋ ነው ሀሳቡ የወሰደኝ። የክላውድ አይፒ እኮ የኪራይ ቤት ነው፣ ከእኔ በፊት የኖረበት ሰው ምን ሲሰራበት እንደነበር ማን ያውቃል፣ ቪፒኤን ይሁን ቁማር ይሁን ፕሮክሲ፣ እሱ ለቆ ሄዷል፣ በሩን የሚያንኳኩት ግን እኔን ነው። ዝርዝር ውስጥ መግባት ቀላል ነው፣ የሚያወጣህ ሰው የለም። በፈረንጆቹ ሚያዝያ 2018 ሩሲያ ቴሌግራምን ልዘጋ ብላ የአማዞንና የጉግል ክላውድ አድራሻዎችን በሚሊዮን የሚቆጠሩ አድርጋ ስትዘጋ እኮ ከቴሌግራም ጋር ምንም የማይገናኙ ሱቆችና አገልግሎቶች አብረው ጠፍተዋል፣ ቴሌግራም ራሱ ግን ይሰራ ነበር። እነዚያን አድራሻዎች ከዚያ በኋላ የተከራየ ሰውስ?

መፍትሄው ቀላል ነው፣ ቲቲኤሉን ቀድሜ ወደ 300 አወርዳለሁ፣ አዲስ አይፒ እወስዳለሁ፣ ዲኤንኤሱን ከመቀየሬ በፊት ልጁ በ nc ይሞክርልኛል፣ ካለፈ እቀይራለሁ፣ አሮጌውን አንድ ሁለት ቀን አቆይቼ እለቃለሁ። እለቃለሁ ስል ግን ለሚቀጥለው ሰው ነው የምለቀው፣ እሱም ሰርቨሩን ተክሎ፣ ሁሉ ነገር እየሰራለት፣ ከአንድ አገር "አልከፈት አለን" ሲሉት ጓደኛው 48 ሰዓት ጠብቅ ይለዋል። ለክላውዱ ድጋፍ ክፍል ብጽፍ "ሰርቨርዎ በትክክል እየሰራ ነው" ነው የሚሉኝ፣ እነሱ ጋ እውነት ነው ደግሞ። አለመልቀቅ እችላለሁ፣ ግን ስራ ፈቶ የተቀመጠ አይፒም ያስከፍላል። ለማላውቀው ሰው ብዬ በየወሩ ዶላር እየከፈልኩ የተበላሸ አድራሻ ታቅፌ ልቀመጥ? ለዚያውም ዶላር በዚህ ምንዛሪ?