«ማን ነው የሚጠግነው?» አንድ የዜና ዓረፍተ ነገር ሳሳጥር

የዜና ዓረፍተ ነገር ማሳጠር መለማመድ ከጀመርኩ አራተኛ ሳምንቴ ነው። የድሬ ሙቀት በረድ ሲል፣ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም፣ ከዚራ ዛፎቹ ሥር ቁጭ ብዬ በእርሳስ እሠራለሁ። በዚህ ሳምንት አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ብቻ ቆየሁ። ስለ ከተማችን ወንዝ ስለ ደቻቱ ጎርፍ ለልምምድ ብዬ ራሴ የፈጠርኩት ነው፤ አጻጻፉ ግን በየቀኑ ለሬዲዮ ከምንጽፈው አይለይም፦

«በደቻቱ ጎርፍ ምክንያት ጉዳት በደረሰበት የመጠጥ ውኃ መስመር ላይ ጥገና በማካሄድ በነዋሪዎች ላይ ሲከሰት የነበረውን የውኃ አቅርቦት መቆራረጥ ችግር የመቅረፍ ሥራ በባለሙያዎች አማካኝነት እየተከናወነ እንደሚገኝ ተገለጸ።»

26 ቃል ነው። ዜና አንባቢ ጓደኛዬ ጮክ ብላ ስታነበው «መቆራረጥ» ላይ ስትደርስ ትንፋሽ አጠራት። ከዚያ ቀና ብላ፣ «አቦ፣ ማን ነው የሚጠግነው? ማንስ ነው የገለጸው?» አለችኝ።

ሥራውን ከዚያ ጥያቄ ጀመርኩ። መጀመሪያ ተገብሮ ግሦቹን አሰመርኩባቸው። ሁለት ብቻ ናቸው፦ «እየተከናወነ» እና «ተገለጸ»። እዚህ ላይ ድሮ እሳሳት ነበር። በ«ተ» የሚጀምር ግሥ ሁሉ ተገብሮ ይመስለኝ ነበር። አሁን «በማን?» ብዬ እፈትነዋለሁ። «ተገለጸ» ሲባል «በማን?» ማለት ይቻላል። «ተናገረ» ሲባል ግን «በማን?» አያስኬድም፤ የተናገረው ሰውዬው ራሱ ነው። ስለዚህ «ተናገረ» አይነካም።

ቀጥዬ ስሞቹን አየሁ። ጉዳት፣ ጥገና፣ አቅርቦት፣ መቆራረጥ፣ ችግር፣ ሥራ። ከባዱ ነገር ያለው እዚህ ነው። የአማርኛ ግሥ አድራጊውንም ተደራጊውንም በአንድ ቃል ሊይዝ ይችላል። «ጠገኑት» ስንል እነማን፣ ምኑን፣ መቼ የሚለው ሁሉ አብሮ ይመጣል። «ጥገና» ስንል ግን ሦስቱም ይጠፋሉ። ከዚያ የጠፋውን ለመመለስ «በማካሄድ»፣ «በባለሙያዎች አማካኝነት»፣ «እየተከናወነ» እያልን እንቀጥላለን። ዓረፍተ ነገሩ የሚረዝመው በዚህ ነው።

ስለዚህ ስሙን ወደ ግሡ መለስኩት። «ጥገና በማካሄድ» የሚለው «እየጠገኑ» ሆነ። «ጉዳት የደረሰበት» ደግሞ «ጎርፍ የሰበረው» ሆነ። ግማሹ መንገድ ላይ «በሠራተኞች ቧንቧውን እየጠገኑ» ብዬ ጽፌ ነበር። ተገብሮውን ስንቀይር ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ስህተት ነው፤ አድራጊው ላይ ያለው «በ» መውደቅ፣ ተደራጊው ላይ ደግሞ፣ እንደ «ቧንቧው» የታወቀ ከሆነ፣ «ን» መግባት አለበት። አንዱን አስተካክዬ ሌላውን ረስቼዋለሁ። መጨረሻ ላይ እንዲህ ወጣ፦

«የደቻቱ ጎርፍ የሰበረውን የውኃ ቧንቧ ሠራተኞች እየጠገኑ ነው ሲሉ ኃላፊው ተናገሩ። ቧንቧው ከተሰበረ ወዲህ ነዋሪዎቹ ውኃ እየጠፋባቸው ተቸግረዋል።»

18 ቃል፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር። «ከተሰበረ» ተገብሮ ነው፤ አውቄ ነው የተውኩት። የሰበረው ጎርፉ መሆኑን ከላይ ብለናል፣ አሁን የምናወራው ስለ ቧንቧው ነው።

ጓደኛዬ ግን አለቀቀችኝም። «ቧንቧው ተሰብሮ ነው ወይስ አሸዋው ተጠርጎ ተገልጦ ብቻ ነው? በምን አወቅክ?» አለች። እውነቷን ነው። «ጉዳት» ሁለቱንም ይሸፍናል፣ «ሰበረው» ግን አንዱን ብቻ ነው። የልምምድ ዓረፍተ ነገር ስለሆነ ፈጥሬ አለፍኩት እንጂ እውነተኛ ዜና ቢሆን ስልክ መደወል ነበረብኝ። «ሠራተኞች» የማን ሠራተኞች እንደሆኑም እንደዚያው። ቁፋሮ ጀምረዋል ወይስ ገና ዕቃ እየጠበቁ ነው? «የመቅረፍ ሥራ እየተከናወነ ይገኛል» ለሁለቱም ይሆናል፣ «እየጠገኑ ነው» ግን ላልተጀመረ ሥራ አይሆንም። ማሳጠሩ ሰዋስው ብቻ መስሎኝ ነበር የጀመርኩት። አሁን በየዓረፍተ ነገሩ ጠርዝ ላይ የሚደወልለትን ሰው እጽፋለሁ።

ሁሉንም ተገብሮ ማጥፋት ግን አያስፈልግም። «ትናንት ሌሊት አንድ ሱቅ ተዘረፈ» ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነው። ዘራፊው ካልታወቀ «ያልታወቁ ሰዎች ዘረፉት» ማለት ቃል ይጨምራል እንጂ መረጃ አይጨምርም።

አሁን የያዝኩት «የአገልግሎት አሰጣጥ ቅልጥፍና ማሻሻያ ሥራ» የሚለውን ነው። ሦስት ማታ ሞከርኩ፣ ግሡን አጣሁት። ሐረጉን ያገኘሁት ከስብሰባ ማስታወሻዬ ላይ ነው፤ መልሼ ሳየው ተናጋሪው ራሳቸው ግሥ አልተናገሩም። ነገ የምጠይቃቸውን ጽፌያለሁ፦ ባለጉዳይ ድሮ ስንት ሰዓት ይሰለፍ ነበር፣ አሁንስ ስንት ይሰለፋል?