«ሁሉም ሰላም ነው» የሚል ሠራተኛ ካላችሁ ተጠንቀቁ

ጓደኞቼ እየደወሉ «አለቃ ሆንክ አሉ፣ አሁንማ ማዘዝ ብቻ ነው» ይሉኛል። ምን ማዘዝ አለ፣ ሥራዬ ጭራሽ አዲስ የተሾሙ ሱፐርቫይዘሮችን ከሠራተኛ ጋር እንዴት እንደሚያወሩ ማሳየት ሆኗል።

እዚህ ውጭ አገር፣ ዌርሃውሳችን ውስጥ ሱፐርቫይዘሩ ከእያንዳንዱ ሠራተኛ ጋር በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ሰዓት ለብቻ ይቀመጣል፣ ዋን ቱ ዋን ይሉታል። አንድ የዚሁ አገር ልጅ ተሾመ፤ ጎበዝ ነው፣ ችግሩ አፉ። አንድ የኛ ሰው እዛ ስብሰባ ላይ ጨክኖ «የስካነሮቹ ባትሪ ሺፍቱ ሳያልቅ ስለሚሞት ሰው ደህና ደህናዎቹን ሎከር ውስጥ ይደብቃል» ብሎ ነገረው። ልጁ በነጋታው ሺፍት ሲጀመር ሁላችንንም ሰብስቦ «እከሌ እንደነገረኝ ስካነር የምትደብቁ አላችሁ» አይል መሰላችሁ! ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ጓንቱን ያወልቃል ያጠልቃል፣ እኔም አብሬው መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ ወዲያ ምን ቢጠየቅ «ሁሉም ሰላም ነው»። እነሱ ግልጽነት ብለው የሰው ሚስጥር ይዘከዝካሉ፣ እኛ ጨዋነት ብለን ጣሪያው ሲያፈስ ዝም።

ልጁን ይዤው ቁጭ አልኩ። መጀመሪያ ለብቻው ይቅርታ ጠይቀው፣ እሱ ከፈቀደ ደግሞ ባሳፈርከው ሰው ሁሉ ፊት። ከዛ የማንንም ስም ሳታነሳ ባትሪውን አስተካክል አልኩት፤ እሱም ትርፍ ባትሪ አስመጣና ስካነሮቹን ቁጥር ሰጥቶ በፊርማ ማደል ጀመረ። ጥያቄህንም ቀይር አልኩት፣ «ችግር አለ?» ካልከው መልሱ «የለም» ነው፣ «በዚህ ሳምንት ሥራህን ያጓተተብህ ምንድነው?» በለውና ዝም በል፣ ዝምታው ቢጨንቅህም አትሙላው። ሲናገር መፍትሄ አትደርድርበት፣ «እኔ እንዳደርገው ነው ወይስ እንዳውቀው ብቻ?» ብለህ ጠይቅ። ቃል የገባኸውን ጻፍና ቀጣዩን ስብሰባ በሱ ጀምር። ሚስጥር እጠብቃለሁ ብለህም አትማል፣ አደጋ ወይ ትንኮሳ ከሆነ ወደ ላይ ማሳወቅ ግድ ነውና እሱን ከመጀመሪያው ንገረው።

ሰውየው ቶሎ አልተመለሰም፣ እውነቱን ነው። መጀመሪያ የጠየቀው በልኩ የሚሆን ጓንት ብቻ ነበር፣ ልጁም በቀጣዩ ስብሰባ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ጠበቀው። ቆይቶ ቆይቶ አንድ ቀን ሳይጠየቅ «ፎርክሊፍት የገጨው የመደርደሪያ እግር ጎብጧል፣ የገጨው ሰው ፈርቶ ነው ያልተናገረው» አለ። ያኔውኑ ዕቃው ወረደ፣ አካባቢው ታጠረ። ልጁ የገጨውን ሰው ማን እንደሆነ ሊጠይቅ አፉን ከፍቶ ሲዘጋው ኮራሁበት።

ለመምጣት ያሰባችሁ፣ አለቃ ለብቻችሁ ሲጠራችሁ ሁሌ ሊያባርራችሁ አይደለም፣ ግን በመጀመሪያው ቀን ሆዳችሁን አትዘርግፉለት። መጀመሪያ ጓንት ጠይቁት፣ ካመጣ ቀስ ብላችሁ ወደ ደመወዙ ትገባላችሁ።