በሁዳዴ የወለደችው ድመት

ደሴ ሙጋድ አካባቢ ቅመምና እህል የሚሸጡ እትዬ፣ እኔ ወደምሠራበት የእንስሳት መድኃኒት ቤት የሱቃቸውን ዘበኛ ላኩብኝ። ሁዳዴ ገብቶ ሰነባብቷል። «ዶክተር፣ ድመታችን ከወለደች ሳምንት ሊሞላት ነው። አንዷ ግልገል ግን ተቅማጥ ይዟት ልትሞትብን ነው፤ መድኃኒት ስጠን» አሉኝ ዘበኛው። ሳላያት መድኃኒት መስጠት ስላልፈለግሁ አብሬያቸው ሄድኩ።

ካርቶኑ ከጆንያዎቹ ጀርባ ነበር። ሦስቱ ግልገሎች ተደራርበው ተኝተዋል፤ አራተኛዋ ጥግ ላይ ለብቻዋ ተዘርግታለች። ዘበኛው ከትናንት ጀምሮ የላም ወተት በሲሪንጅ ሲሰጧት ነበር፤ አሁንም ሞልተው መጡ።

«ጋሼ፣ ቆዩ፤ አይስጧት» አልኳቸው።

እጄን ታጥቤ የትንሿን ጣቴን ጫፍ አፏ ውስጥ አስገባሁ። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፤ ጣቴንም ለመጥባት አልሞከረችም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግልገል የራሱን ሙቀት መጠበቅ አይችልም፣ የሚሞቀው ከእናቱና ከወንድሞቹ ነው። የደሴ ሌሊት ደግሞ የታወቀ ነው። ገላው ሲቀዘቅዝ አንጀቱ ሥራውን ያቆማል፤ በዚያ ሰዓት የሚሰጠው ወተት ሳይፈጭ ሆዱ ውስጥ ይቀራል፣ መዋጥ ስለሚያቅተውም ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ስለዚህ የቀዘቀዘ ግልገል ከማንኛውም ምግብ በፊት ይሞቃል።

ግልገሏን ዘበኛው ጋቢያቸው ውስጥ፣ ደረታቸው ላይ እንዲይዟት አደረግሁ። የፕላስቲክ ጠርሙስ ለብ ባለ ውሃ ሞልተን በፎጣ ጠቅልለን ካርቶኑ ውስጥ አስቀመጥን፤ ግልገሎቹ ሲሞቃቸው የሚሸሹበት ቦታም ተውንላቸው። ምድጃ አጠገብ ማድረግ ወይም ቶሎ ማሞቅ ራሱ ይጎዳል። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይታ አፏ ሲሞቅና ማልቀስ ስትጀምር እናቷ ጋ አስጠግተን የኋላውን ጡት አስያዝናት፤ ብዙውን ጊዜ ወተት የሚበዛው እዚያ ነው። ጠባች።

የቅመም ሱቅ ደግሞ ሚዛን አለው። ሦስቱ 150፣ 145 እና 140 ግራም መዘኑ፤ እሷ 95። ድመት ስትወለድ 100 ግራም ገደማ ትሆናለች፣ ከዚያ በየቀኑ ከ10 እስከ 15 ግራም መጨመር አለባት። ሦስቱም ቢሆኑ ለሳምንት ዕድሜያቸው ትንሽ ወደ ኋላ ቀርተዋል። ያሳሰበኝ ይኸ ነው፤ ችግሩ የአንዷ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሌሎቹ ይፋፉ ነበር። የእናቲቱን ጀርባ ስዳስሰው አጥንቷ እጄን ወጋኝ።

«እትዬ፣ ምንድን ነው የምትበላው?»

«ከጎን ካለው ምግብ ቤት ትራፊ ይመጣላታል። ዱሮ ሥጋ ነበር፤ አሁን ጾም ነው፣ ሽሮና እንጀራ ነው የሚተርፈው።»

መልሱ እዚህ ነበር። ድመት ያለ ሥጋ አትኖርም። አጥቢዋ ደግሞ ግልገሎቿ ሦስትና አራት ሳምንት ሲሆናቸው ከወትሮዋ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ትበላለች። እንጀራው ሆዷን ይሞላል እንጂ ወተት አይሆንም። ሽሮው ውስጥ ያለው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም የድመትን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል፤ የሚያጠባ ገላ ላይ ይህ ሲጨመር ከባድ ነው።

ደሴ ላይ ደግነቱ በሁዳዴም የሙስሊም ሥጋ ቤት አይዘጋም። እትዬ በዚያው ቀን ሳንባና ልብ፣ ትንሽ ጉበትም አስመጡ። ጉበቱ ብቻውን የዕለት ምግብ መሆን የለበትም፣ ሲበዛ ቫይታሚን ኤ ያከማቻል። ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት ቀቅለን፣ ከመረቁ ጋር በቀን አራት ጊዜ እስክትጠግብ እንድትበላ፣ ንጹሕ ውሃም ከአጠገቧ እንዳይለይ ተስማማን። አጥንት የሌለው ሥጋ ካልሲየም ስለሚጎድለው የእንቁላል ቅርፊት ቀቅለን አድርቀን አድቅቀን ፈጭተን፣ ለግማሽ ኪሎ ሥጋ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል ጨመርንበት። የምታጠባ ድመት ከተንቀጠቀጠች፣ እግሯ ከደነደነ ወይም ካለከለከች ግን የካልሲየም እጥረት ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ቅርፊት አይጠበቅም፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ነው።

የላም ወተቱ ቆመ፣ የትንሿ ተቅማጥም ያለ መድኃኒት ተወ። የላም ወተት ከድመት ወተት ጋር ሲነጻጸር ፕሮቲኑና ስቡ ያንሳል፣ ስኳሩ ይበዛል፤ ያስቀመጣት እሱ ነበር። ዘበኛው ጠዋት ጠዋት በዚያው ሚዛን እየመዘኑ ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ ይጽፉ ጀመር። ትንሿ 95፣ 98፣ 107፣ 119 እያለች ወጣች። ቁጥሩ አንድ ቀን ባለበት ቢቆም እንዲጠሩኝ፣ ቢቀንስ ደግሞ ሳይመሽ እንዲመጡ ነግሬያቸዋለሁ፤ በዚህ ዕድሜ ክብደት መቀነስ ብዙውን ጊዜ ከሌላ ምልክት ቀድሞ ይታያል። ፋሲካ ሲደርስ አራቱም ከእናታቸው ሳህን ላይ የለሰለሰ ሥጋ ይልሱ ነበር። እትዬ ያን ጊዜ ራሽኗን ሊቀንሱባት አሰቡ፤ ግልገሎቹ ጡት እስኪተዉ ድረስ እንዳይነኩት ለመንኳቸው።