ባለ አራት ቀለሙ ፕላኔ

ፋይናል አራት ሳምንት ሲቀረው ለዲፈረንሻል ኢኩዌዥን የጥናት ፕላን አወጣሁ። ማውጣቱ ብቻ ሁለት ቀን ፈጀ። ባለ አራት ቀለም እስክሪብቶ ተዋስኩ፣ ካርቶን ገዛሁ፣ አሰመርኩና ከአልጋዬ በላይ ለጠፍኩት። አንደኛ ሳምንት ፈርስት ኦርደር፣ ሁለተኛ ሳምንት ሰከንድ ኦርደር፣ ሦስተኛው ላፕላስ፣ አራተኛው የድሮ ፈተና። የዶርም ጓደኛዬ ትክ ብሎ አየውና «መቼ ነው ሠርጉ?» አለኝ።

የመጀመሪያው ሳምንት ቅቤ ነበር። ሴፓረብል የሚለውን ምዕራፍ ከፍቼ ሃያ ጥያቄ ሠራሁ፤ y ወደ ግራ፣ x ወደ ቀኝ፣ ኢንቲግሬት፣ አለቀ። ሊኒየር የሚለውን ከፈትኩ፤ እሱም አለቀ። ካፌ ውስጥ ሰው ማስረዳት ሁሉ ጀምሬ ነበር።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ይቺ መጣች፦

y'' + 4y = sin 2x

ቀኝ በኩል ሳይን ካለ A cos 2x + B sin 2x ብለህ ገምት ይላል መጽሐፉ። ገመትኩ። ሁለት ጊዜ ዲፈረንሼት አድርጌ ተካሁ። A ጠፋ። B ጠፋ። የቀረው 0 = sin 2x ነው። ደገምኩት፣ ያው ዜሮ። ማታም ዜሮ፣ ጠዋትም ዜሮ። በሦስተኛው ቀን መጽሐፉ ተሳስቷል ብዬ ወሰንኩና ጥያቄው አጠገብ በእርሳስ «የኅትመት ስህተት» ብዬ ጻፍኩ። መጽሐፉ የላይብረሪ ነው።

ከእኔ አንድ ዓመት የሚቀድም ልጅ አይቶ ሳቀ። «መጀመሪያ ቀኝ በኩሉን ዜሮ አድርገህ ፈትተኸዋል?» አለኝ። አልፈታሁም። ለምን ብዬ፣ ፕላኔ ላይ ለእሱ የተመደበ ሰዓት የለም። ሲፈታው መልሱ C₁ cos 2x + C₂ sin 2x ሆነ። የእኔ ግምት ቁጭ ብሏል! ግራ በኩል ወደ ዜሮ የሚለውጠውን ነገር ራሱን ገምቼ ነው ሳይን ውለድልኝ እያልኩ ሦስት ቀን የታገልኩት።

መድኃኒቱ ግምቱን በ x ማባዛት ነው፦ x(A cos 2x + B sin 2x)። ስተካው x የያዙት ተጠፋፉና −4A sin 2x + 4B cos 2x = sin 2x ቀረ። A −1/4፣ B ዜሮ። ልዩ መልሱ −(x/4) cos 2x ነው። አምስት ደቂቃ!

«x ከየት መጣች?» አልኩት። «ልጅ ሆነህ ዥዋዥዌ ገፍተህ አታውቅም? በራሱ ምት ከገፋኸው በየዙሩ ከፍ እያለ ይሄዳል። x ያ ከፍታ ነው» አለኝ። ሬዞናንስ የሚሉት ለካ ይሄ ነው። የእውነት ዥዋዥዌ ግን ፍሬን አለው፤ የእኛ እኩልታ ውስጥ ፍሬን የምትሆነው y' የለችም፣ ስለዚህ የሚያቆመው የለም።

ላፕላስ በሦስት ቀን ተጠቀጠቀች። ስለሷ ባላወራ ይሻለኛል።

አራተኛው ሳምንት የድሮ ፈተና ከፈትኩ። የመጀመሪያው ጥያቄ dy/dx = x + y። ልለያቸው ተነሳሁ። y-ን ወደዚህ፣ dx-ን ወደዚያ፣ አርባ ደቂቃ ሙሉ ቤት እንደሚቀይር ሰው ዕቃ ሳመላልስ ቆየሁ። ድምር እኮ ነው፣ አይለያይም! y-ን ብቻ ወደ ግራ አምጥቼ dy/dx − y = x ብዬ ብጽፋት ሊኒየር ናት። በ e^(−x) ሲባዛ ግራው በሙሉ የአንድ ነገር ዴሪቬቲቭ ይሆናል፤ መልሱ y = Ce^x − x − 1። ይህንን ዘዴ አንደኛው ሳምንት ላይ በአረንጓዴ ቀለም አጥንቼዋለሁ። ያኔ ግን ዘዴውን የምመርጠው እኔ ሳልሆን የምዕራፉ ርዕስ ነበር። ፈተና ደግሞ ርዕስ የለውም።

ጓደኛዬ ካርቶኑን ከግድግዳው ላይ ገነጠለው። በጀርባው ከየምዕራፉ ጥያቄ ጻፍን፣ ቆራረጥነውና ኮፍያ ውስጥ ከተትነው። እሱ ያወጣል፣ እኔ ሳልፈታ ዓይነቱን ብቻ እናገራለሁ። ከመጀመሪያዎቹ አስር አራት አገኘሁ። በመጨረሻው ምሽት ዘጠኝ ደረስኩ። የፕላኑ ጀርባ አራት ቀለም ከፈጀሁበት ፊቱ ይበልጥ ጠቀመኝ ማለት ነው።

የፈተናው ቀን ሦስተኛዋን ጥያቄ ሳይ ፈገግ አልኩ። y'' + 9y = cos 3x። ነቃሁባት! በ x አባዛሁና (x/6) sin 3x አገኘሁ፣ ከፊቱ C₁ cos 3x + C₂ sin 3x ጨመርኩ፣ በሳጥን ከበብኩ፣ ወጣሁ።

በር ላይ ጓደኛዬ «C₁ እና C₂ ስንት መጡልህ?» አለኝ።

«የምን ስንት?»

ለካ ከጥያቄው ሥር y(0) = 0፣ y'(0) = 0 የሚል ነበር። እኔ ጌጥ መስሎኝ። ሁለቱም ዜሮ ናቸው፤ ማድረግ የነበረብኝ ሁለት ተርም መሰረዝ ብቻ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ የማልፈልገው ዜሮ ሲመጣብኝ ከርሞ፣ በምፈልገው ቀን አልፌው ሄድኩ።