ለዘመድ የምሰጠውን በልክ ያደረግሁት እንዲህ ነው

ኮምቦልቻ ውስጥ ፋብሪካ ሒሳብ ክፍል ነው የምሠራው። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነኝ፤ ደሞዝተኛም እኔ ብቻ ነኝ። ደሞዝ የሚገባበትን ሳምንት ዘመድ ሁሉ ያውቀዋል። ከሐርቡም ከደሴም ስልኩ የሚበዛው ያኔ ነው።

መጀመሪያ መጠኑን ወሰንኩ። እጄ ከሚገባው 12,000 ብር 1,500ውን ለዘመድ ብዬ ለየሁ። ለእናቴ የምሰጠው ከዚህ ውጪ ነው። ደሞዝ በገባ ዕለት 1,500ው ወደ ሌላ የባንክ ሒሳብ ይዞራል፣ ዕቁቤ ይከፈላል፣ የቀረው የቤቴ ነው። ጸጸቱን ያቀለለልኝ ይሄ ነው። ያ ሒሳብ ካለቀ «ወላሂ የለኝም» ስል እውነቴን ነው።

ቀጥሎ እናቴን አነጋገርኩ። ብዙ ሰው ይሄን ይዘለዋል። እኔ እምቢ ያልኩት ዘመድ የሚሄደው እሷ ጋ ነው፤ እሷም «አታሳፍሪኝ» ብላ ትደውላለች። አንድ እሁድ ቡና ላይ፣ አቦሉ ወጥቶ ቶናው ሲቀዳ፣ ቁጥሩን ቁጭ አድርጌ ነገርኳት። «እማ፣ ሰው ሲመጣብሽ ‹እሷን ጠይቋት› በይ እንጂ ቃል አትግቢብኝ» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ሕመምና ለቅሶስ?» አለች። ልክ ነበረች። ሁለቱን ከልኩ ውጪ አደረግናቸው። ለለቅሶ ቅሬው ያግዛል። ሲታመሙ ደግሞ ብር አልልክም፤ ማዘዣውን አስልኬ መድኃኒቱን ራሴ እገዛለሁ።

ከዚያ የአክስቴ ልጅ ደወለ። «እታለም፣ ለባጃጄ ጎማ 6,000 አበድሪኝ፣ በወሩ እመልሳለሁ።» ስልክ ላይ እያለሁ መልስ አልሰጥም፤ ድምፁን እየሰማሁ እምቢ ማለት ይከብደኛል። «ማታ ልደውልልህ» አልኩት። ማታ ሳየው የዘመድ ሒሳቡ ላይ 900 ብር ነበር። «ወንድምዬ፣ 900 አለኝ፣ ውሰደው። ብድር አይደለም፣ አትመልስልኝም። እስከሚቀጥለው ደሞዝ ሌላ የለኝም» አልኩት።

ብድር ያላልኩት አስቤበት ነው። ብድር ከሆነ መመለስ ሲያቅተው ስልኬን አያነሳም፣ ለአረፋም አይመጣም። ብሩም ዘመዱም ይሄዳል።

«ድሮ እንዲህ አልነበርሽም» አለኝ። ኪራይ አለብኝ፣ ኑሮ ተወደደ እያልኩ አልዘረዘርኩም። ምክንያት ከደረደርኩ አንድ በአንድ እያነሳ ይከራከረኛል። «ገብቶኛል፣ ግን ያለኝ ይሄው ነው» አልኩ። ደግሞ ሲጠይቅ ያንኑ ደገምኩለት። ጎማውን ከጓደኛው በዱቤ ወሰደ፤ አሁንም ይደውላል፣ ብዙ ጊዜ ለሰላምታ ብቻ።

ሁሉም እንደሱ አልሆነም። ደሴ ያለው አጎቴ እስካሁን አኩርፏል። በበዓል እኔው ደውዬ ጤናውን እጠይቃለሁ፣ ደሴ ስወጣም ቤቱ ጎራ እላለሁ። የብር ነገር ካነሳ መልሴ ያው ነው።