ስድሳ ለአርባ፦ በወንድሜ የብሎኬት ግቢ ያሰላሁት

ወንድሜ ደብረ ማርቆስ ዳር ላይ ብሎኬት ያመርታል። አሥር የቀን ሠራተኞች አሉት፤ ማሽኑን ግን በሰዓት ነው የሚከራየው። ገንዘብ ሲያጥረው ማሽኑን ይመልስና በእጅ ቅርጽ ማውጫ ያሠራል። «ማሽን በሰዓት 600 ብር፣ ሰው በቀን 400 ብር። የትኛው ይሻላል ብለህ ትጠይቀኛለህ?» አለኝ። ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁና ነገሩ ከነከነኝ።

የ40 ሳምንት መዝገቡን ተቀበልሁት። ሲሚንቶ የነካው፣ ገጹ የተጣበቀ ደብተር ነበር። ከእያንዳንዱ ሳምንት ሦስት ቁጥር አወጣሁ፦ የተመረተው ብሎኬት፣ የሠራተኞች ቀን፣ የማሽን ሰዓት። የኮብ-ዳግላስ ቀመር ምርትን ጉልበትና ካፒታል፣ እዚህ ማሽኑ፣ በየራሳቸው ርቢ ከፍ ብለው ከአንድ ቋሚ ቁጥር ጋር ሲባዙ የሚሰጡት ውጤት አድርጎ ይወስዳል። ሁሉንም ወደ ሎጋሪዝም ከቀየሩት ርቢዎቹን በተራ የመስመር ግምት ማግኘት ይቻላል።

የመጀመሪያው ግምቴ ለጉልበት 0.55፣ ለማሽን 0.31 ሰጠኝ። ድምሩ 0.86 ነው፤ ከ1 ያንሳል። ይህ ማለት ሠራተኛውንም ማሽኑንም እጥፍ ብናደርግ ምርቱ እጥፍ አይሞላም ማለት ነው። ወንድሜን «ግቢህን ማስፋት አያዋጣህም» አልሁት። ቸኩያለሁ።

ማታ ቀመሩ የገመተውን ከመዝገቡ ጋር ሳስተያይ፣ ብዙ ሠራተኛ የገባባቸው ሳምንታት በሙሉ ከግምቱ በታች ወድቀው አገኘኋቸው። ጠዋት ሄጄ ብጠይቅ ምክንያቱ ግልጽ ሆነ። በእነዚያ ሳምንታት የማድረቂያው ቦታ ሞልቶ ስለነበር እርጥቡ ብሎኬት ተደራርቦ ይሰበር ነበር። ከዚህም ሌላ መብራት የጠፋባቸው ሰዓቶች ኪራይ ስለተከፈለባቸው ብቻ እንደተሠራባቸው ተመዝግበዋል። እኔ እጥፍ ያደረግሁት ሁለቱን ግብዓቶች ነው፤ ሦስተኛው፣ ቦታው፣ ባለበት ቆሟል። በትክክል የተሠራውን ሰዓት ብቻ ወስጄ፣ ቦታው የሞላባቸውን ሳምንታት ለይቼ እንደገና ስገምት ርቢዎቹ ወደ 0.6 እና 0.4 ተጠጉ፤ ድምራቸውም 1 ሆነ።

በነገራችን ላይ ቻርልስ ኮብና ፖል ዳግላስ በ1928 ዓመተ ምሕረት በፈረንጅ አቆጣጠር ጽሑፋቸውን ሲያወጡ፣ የርቢዎቹ ድምር 1 እንዲሆን አስቀድመው ወስነው ነበር። ስለዚህ በእነርሱ ጽሑፍ ውስጥ የመጠን ምላሽ ቋሚ መሆኑ፣ ማለትም ግብዓቱ ሁሉ እጥፍ ሲሆን ምርቱም እጥፍ መሆኑ፣ ከመረጃው የተገኘ ውጤት አይደለም።

ለሳምንት የተስማማን ቀመር ይህ ነው፤ Q የብሎኬቱ ብዛት፣ L የሠራተኛ ቀን፣ K የማሽን ሰዓት ነው፦

```
Q = 100 · L^0.6 · K^0.4
```

ወንድሜ አሥሩን ሠራተኛ ስድስት ስድስት ቀን ሲያሠራ 60 የሠራተኛ ቀንና 10 የማሽን ሰዓት ይጠቀማል። ምርቱ 2,930 ያህል ብሎኬት፣ ወጪው 24,000 እና 6,000፣ በድምሩ 30,000 ብር። የእርሱ ስሕተት 600ን ከ400 ጋር ማወዳደሩ ነበር። መወዳደር ያለበት ግን አንድ ብር ከየትኛው ስንት ብሎኬት ያወጣል የሚለው ነው። አንድ ተጨማሪ የሠራተኛ ቀን 29 ያህል ብሎኬት ይጨምራል፤ በ100 ብር 7 ገደማ ማለት ነው። አንድ ተጨማሪ የማሽን ሰዓት 117 ያህል ይጨምራል፤ በ100 ብር 19.5 ገደማ። «ስለዚህ ውዱ ሰው ነው?» አለኝ። አሁን ባለበት ድብልቅ፣ አዎን።

ሰው እየተቀነሰ ማሽን በተጨመረ ቁጥር ሁለቱ ይቀራረባሉ፤ እኩል ሲሆኑ ወጪው ዝቅተኛው ላይ ይደርሳል። በዚህ ቀመር የዚያ ምልክቱ ቀላል ነው፤ ከወጪው 60 በመቶ ለጉልበት፣ 40 በመቶ ለማሽን ይሆናል። ወንድሜ ግን 80 ለ20 ነበር የሚያወጣው። ሰባት ሠራተኛና 17 የማሽን ሰዓት ያንኑ ምርት በ27,000 ብር ያወጣሉ። ትክክለኛው ስሌት 40.5 የሠራተኛ ቀንና 18 ሰዓት ይላል፤ ነገር ግን ግማሽ ቀን የሚሠራ ሰው ከመፈለግ ወደ ሰባት ሰው ማጠጋጋቱ ይሻላል፤ ለውጡም ከጥቂት አሥር ብር አያልፍም።

እኔን ያስገረመኝ ሌላው ነው። በኅዳር ሠራተኛው ወደ ጤፍ አጨዳ ሲሄድ የቀን ክፍያ 500 ብር ይደርሳል። ያኔ ለዚያው ምርት የሚበጀው 37 የሠራተኛ ቀንና 20.6 ሰዓት ነው፤ የጉልበት ድርሻ ግን አሁንም 60 በመቶ ነው። ሰው ሲወደድ የሚቀጠረው ያንሳል፤ ከወጪው የሚወስደው ድርሻ ግን አይነቃነቅም። ይህ የዚህ ቀመር ባሕርይ እንጂ የዓለም ሕግ አይደለም። ቀመሩ ያለ ማሽን አንድም ብሎኬት አይመረትም ይላል፤ በእጅ ቅርጽ ማውጫ ግን ስናመርት ኖረናል። ስለዚህ ከመዝገቡ ብዙ ርቆ ላለ ድብልቅ አልተማመንበትም።

ወንድሜ ሦስት ሰው ማሰናበትን አልወደደም። «ልጆቹን ወዴት ልበላቸው?» አለ። በጀቱን 30,000 ላይ አቁመን ስምንት ሠራተኛና 18 ሰዓት አደረግነው፤ ስሌቱ 3,240 ይላል። የቀሩትን ሁለቱን በሌላ ወጪ ማድረቂያውን ወደ ጓሮ እንዲያሰፉ አሠማራቸው። በመጀመሪያው ሳምንት 3,100 ወጣ፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መብራት አልነበረም።